«ተሳፋሪ» የምትለዋ ቃል 212,000 ብር ልታስከፍለን ነበር

ወገን፣ ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ግን «ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ» ብሎ ተረጋግቶ የሚነዳ ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዓመት የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የኔን ቪትዝ ይዞ ቢሾፍቱ ለቅሶ ሄደ። ሲመለስ የባለቤቴ አክስትና ሁለት ሴት ልጆቻቸው አብረውት ነበሩ። ዱከም ሲደርሱ ከፊቱ የነበረው አይሱዙ ድንገት ፍሬን ያዘ፣ እሱም ከኋላ ገባበት። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን ነው። መኪናዋ ግን ኮፈኑ፣ ራዲያተሩ፣ የፊት መብራቶቹ ሁሉ ሄደዋል። ጋራዡ የሰጠን ፕሮፎርማ 212,000 ብር ይላል።

ትራፊክ ፖሊስ ተጠራ። በማግስቱ ለኢንሹራንሱ አሳወቅን። የኩባንያው ባለሙያ መጥቶ እስኪያይ ድረስ መኪናዋን አልነካካናትም። ሁሉም በደንቡ ሆኗል ብለን ተቀመጥን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ።

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ አይሞላም። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ «ለግል አገልግሎት ዋስትና የተሰጠው ተሽከርካሪ ተሳፋሪ ጭኖ ሲንቀሳቀስ አደጋ የደረሰበት በመሆኑ፣ በፖሊሲው የአጠቃቀም ገደብ መሠረት ድርጅታችን ካሳ ለመክፈል አይገደድም።» ከታች ፊርማና ክብ ማኅተም።

የባለቤቴ ወንድም ማኅተሙን ሲያይ ወዲያው ገንዘብ የሚበደርበትን ሰው ማሰብ ጀመረ። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ ፍርድ ይመስለናል። ኢንሹራንስ ግን በሁለት ወገን መካከል የተደረገ ውል ነው። ደብዳቤው ደግሞ የአንደኛው ወገን አቋም እንጂ ሌላ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኩት ጥያቄ «የአጠቃቀም ገደቡ በትክክል ምን ይላል?» የሚል ነበር። መልሱን ከየት ላግኝ? እጄ ላይ ያለው ሰርተፍኬቱና መስታወት ላይ የምንለጥፈው ብቻ ነው። ፖሊሲውን አይቼው አላውቅም! እናንተም ቤት ገብታችሁ ፈትሹ፣ አብዛኞቻችሁ የላችሁም። ቅርንጫፉ ሄጄ ስጠይቅ ልጅቷ «ደብዳቤው ይበቃዎታል» አለችኝ። አይበቃም። ከፈረምኩበት የማመልከቻ ቅጽ ጀምሮ ከነተጨማሪ ማሻሻያዎቹ ሙሉ ኮፒ እንዲሰጠኝ በጽሑፍ ጠየቅኩ። በሁለተኛው ቀን ሰጡኝ።

አንቀጹን ሳገኘው ሳቄ መጣ። ውሉ የሚከለክለው «በኪራይ ወይም በክፍያ ሰው ማጓጓዝ» ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ደግሞ «ተሳፋሪ ጭኖ»። «በክፍያ» የምትለዋ የት ሄደች? ያለ እሷ እኮ ሚስቱን አሳፍሮ ገበያ የሄደ ሰው ሁሉ ውል አፍርሷል ማለት ነው። የኔ አቋም እዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ አንቀጹን ቃል በቃል ያልገለበጠ፣ የትኛውን ማስረጃ ይዞ እዚያ መደምደሚያ ላይ እንደደረሰ ያልተናገረ ደብዳቤ፣ ደንበኛ ተቀብሎት መሄድ የለበትም። ተመልሶ እንዲያብራሩ መጠየቅ መብት ነው።

ቃሏ ከየት እንደመጣች ለማወቅ የትራፊክ ሪፖርቱን ኮፒ አወጣሁ። ፖሊሱ «ሹፌርና ሦስት ተሳፋሪ» ብሎ ጽፏል። እሱ ምንም አላጠፋም፣ በአማርኛችን መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ተሳፋሪ ነው። ጉዱ ያለው እኛ በሞላነው የካሳ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ነው። ወንድማችን በራሱ እጅ «3 ሰው ጭኜ ስመለስ» ብሎ ጽፏል። ስማቸው የለም፣ ዝምድናቸው የለም። «ከአክስቴና ከልጆቻቸው ጋር ከለቅሶ ስመለስ» ቢል ኖሮ ምናልባት ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኩባንያው ከመሬት ተነስቶ አልጠረጠረም። በኮድ 2 መኪና ሰው እየጫነ የሚሠራ ስንት ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ደግሞ አንድ ነገር ነበራቸው። መርማሪያቸው ለአክስታችን ደውሎ «ለሹፌሩ ብር ሰጥተውታል?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም ውሸት አያውቁ፣ «አዎ፣ 500 ብር ሰጠሁት» ብለዋል። ለነዳጅ ብለው እኮ ነው፣ ያውም እምቢ እያለ ኪሱ ውስጥ ከተውለት! ደብዳቤው ላይ ግን ስለዚች 500 ብር አንድ ቃል የለም። እኛ ያወቅነው አክስታችንን ስንጠይቃቸው ነው። ክርክሩ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

እንደብቀው የሚል ሐሳብ ከዘመድ መጣ። እኔ አልተስማማሁም። የተደበቀ ነገር ኋላ ሲወጣ እውነተኛውንም ነገር ይዞ ይሄዳል። ባይሆን ራሳችን እንጻፈው አልኩ።

የአቤቱታ ደብዳቤያችን አንድ ገጽ ተኩል ነበር። መጀመሪያ የውሉን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ገለበጥን። ከዚያ ሦስቱ ሴቶች እነማን እንደሆኑና ከየት እንደሚመለሱ ጻፍን። የለቅሶው ቤት ዕድር በዚያ ቀን ቀብር እንደነበረ የሚገልጽ ደብዳቤ ሰጠን፣ አባሪ አደረግነው። ሦስቱም የየራሳቸውን ቃል ጽፈው ፈረሙ። ስለ 500 ብሩ ደግሞ «አክስት ለልጃቸው ለነዳጅ የሰጡት እንጂ አስቀድሞ የተቆረጠ ታሪፍ አይደለም» አልን። በመጨረሻ ሁለት ነገር ጠየቅን፦ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ፣ ካልተቀየረም ሌላ ምክንያት ካላቸው ሁሉንም አሁኑኑ በጽሑፍ እንዲገልጹ። ይሄ ሁለተኛው ጠቃሚ ነው፣ አንዱ ምክንያት ሲወድቅ ሌላ እንዳያወጡባችሁ።

ደብዳቤውን ለቅርንጫፉ ሳይሆን ለዋናው መሥሪያ ቤት የካሳ ክፍል አስገባን። መዝገብ ቤት ሄዳችሁ የእናንተ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳይመታላችሁ እንዳትወጡ። በቃል የተነገረ ነገር ሁሉ ኋላ አልተባለም ይባላል።

ቀን መቁጠር ደግሞ እንዳትረሱ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 674 መሠረት ከኢንሹራንስ ውል የሚመነጭ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይዘጋል። የንግድ ሕጉ በ2013 ሲሻሻል የኢንሹራንሱ ክፍል አልተነካም። «እያየነው ነው፣ ሳምንት ተመለስ» እየተባለ ሁለት ዓመት ሲያልፍ ቀልድ አይደለም። የደብዳቤ ልውውጡ ቆጠራውን ያቆምልኛል ብላችሁም አትተኙ። ፖሊሲያችሁ ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለም ቀድማችሁ አንብቡት፣ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ እንድታልፉ የሚያስገድድ ወይም የራሱን ቀነ ገደብ ያስቀመጠ ሊሆን ይችላል።

ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ አቤቱታ ይዞ እዚያ መሄድ ይቻላል። ግን መጀመሪያ ለኩባንያው በጽሑፍ አቤት ብላችሁ ያገኛችሁትን መልስ ወይም ማኅተም የተመታበትን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጅ ከሄዳችሁ ወደ ኩባንያው ነው የሚመልሷችሁ።

እኛ እዚያ አልደረስንም። በአምስተኛው ሳምንት «በቀረበው ተጨማሪ ማስረጃ መሠረት» የሚል ደብዳቤ መጣ። የመጀመሪያው ውሳኔ ስህተት ነበር የሚል ቃል የለበትም፣ እኔም አልጠበቅኩም። የራሳችን ድርሻ የሆነው ኤክሰስና የአሮጌ ዕቃ ቅናሽ ተነስቶ ቀሪው ጸደቀ። ሲከፍሉ የሚያስፈርሙት «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አለ። ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ከፕሮፎርማው ጋር ሳመሳስል የራዲያተሩ ዋጋ ተረስቷል። ሳልፈርም መለስኩት፣ አስተካክለው አመጡት። ብፈርም ኖሮ ራዲያተሩ በኔ ኪስ ነበር።

አክስታችን አሁንም መኪና ውስጥ ገብተው ቦርሳቸውን ሲከፍቱ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ኧረ በማርያም!» እንላለን።