ግማሽና ግማሽ፦ ሳይጣሉ በፊት የሚጻፍ አንቀጽ

ሁለት ሰዎች በእኩል ድርሻ ማኅበር ሲያቋቁሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ መግቢያው ነው። ማን ስንት ያዋጣል፣ ማን ሥራ አስኪያጅ ይሆናል፣ ትርፉ እንዴት ይከፈላል የሚለው ሁሉ ይሰፍራል። መውጫው ግን በአንድ መስመር ይታለፋል፦ «አለመግባባት ቢነሣ በስምምነት ይፈታል»። ያልተስማሙ ሰዎች በስምምነት ይፈቱታል ማለት ነው።

የችግሩ ሥር ቀላል የሒሳብ ጉዳይ ነው። ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ መደበኛ ውሳኔ የሚያልፈው ከካፒታሉ ከግማሽ በላይ በያዙ አባላት ድምፅ ነው። ሃምሳ ከመቶ ግን ከግማሽ በላይ አይደለም። ስለዚህ አንዱ «አይሆንም» ካለ የሚሆን ነገር የለም። ነገሩን የሚያከፋው ሥራ አስኪያጁ ራሱ የግማሹ ባለቤት ሲሆን ነው። ሌላው በድምፅ ሊያነሣው አይችልም። ቁልፉና የባንክ ፊርማው በእጁ ያለው ሰው ሳይከራከር ያሸንፋል።

ፍርድ ቤት የሚሰጠው መፍትሔ ደግሞ መራር ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በአባላት መካከል የተፈጠረን ከባድ አለመግባባት ማኅበር ለማፍረስ በቂ ምክንያት አድርጎት ነበር። ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ከተተካም በኋላ በፍርድ ቤት ማፍረስ የሚባለው በር አልተዘጋም። ይሁን እንጂ በዚያ በር የወጣ ማኅበር የሚሸጠው እንደ ንግድ ሳይሆን እንደ ዕቃ ነው።

የለንደኖቹ ሲጋራ ሠሪዎች

«የግልግል ዳኝነት አንቀጽ አለን» ብለው የሚተማመኑ የዬኒጄ የትምባሆ ኩባንያን ታሪክ ቢያውቁት ይበጃቸዋል። ሮትማንና ዋይንበርግ የተባሉ ሁለት ሲጋራ ሠሪዎች ለንደን ውስጥ ሥራቸውን አዋሕደው በእኩል ድምፅ መሩት። ደንባቸው ክርክር ለገላጋይ ዳኛ እንዲቀርብ ያዝዝ ነበር። በአንድ ሠራተኛ ጉዳይ ተጣልተው ወደ ግልግል ሄዱ፤ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ወጣበት፤ አንደኛው ግን ለውሳኔው አልገዛም አለ። በመጨረሻ ፊት ለፊት መነጋገር አቁመው በጸሐፊው በኩል መልእክት ይለዋወጡ ጀመር። ኩባንያው ያተርፍ ነበር። ቢሆንም በ1916 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ የተሰጠውን ትእዛዝ አጸና።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ገላጋይ «ማን አጠፋ?» የሚለውን ይመልሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ማኖር ግን አይችልም። እኩል ባለቤቶች የሚያስፈልጋቸው ከዳኛ ይልቅ የመለያያ ዋጋ ነው።

መካነ ኢየሱስ ላይ ቢሆንስ?

ሁለት ሰዎች በእስቴ መካነ ኢየሱስ የዱቄት ፋብሪካ አቆሙ እንበል። አንዱ እህል ነጋዴ ነው፣ ጥሬ ብር አለው። ሌላው መሣሪያውን የሚያውቅ፣ ፋብሪካውን ቆሞ የሚያሠራ ባለሙያ ነው። እያንዳንዳቸው 2 ሚሊዮን ብር አዋጡ፤ ሁለቱም ቤታቸውን አስይዘው ከባንክ ተበደሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ንብረቱ 9 ሚሊዮን፣ ያልተከፈለው ብድር 3 ሚሊዮን ብር ሆነ። የተጣራው 6 ሚሊዮን ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ 3 ሚሊዮን። ነጋዴው ሁለተኛ ወፍጮ በብድር ይገዛ አለ፣ ባለሙያው አይሆንም አለ። ተቆላለፉ።

ጠበቆች ለዚህ የሚጽፉት አንድ የታወቀ አንቀጽ አለ። ልጆች ዳቦ ሲካፈሉ አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ይመርጣል፤ አንቀጹም ይኸው ነው። አንዱ የግማሹን ዋጋ ይጠራል፤ ሌላው በዚያው ዋጋ ወይ ይሸጣል ወይ ይገዛል። ዋጋ ጠሪው የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ እውነተኛውን ዋጋ ይጠራል ተብሎ ይታሰባል።

ይህ የሚሠራው ግን ሁለቱም ብር ሲኖራቸው ነው። ነጋዴው ባለሙያው ቤት ያለው 300,000 ብር ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ 2 ሚሊዮን ይጠራል፤ በ30 ቀን ይከፈል ይላል። ባለሙያው መግዛት ስለማይችል ይሸጣል። 1 ሚሊዮን ብር በሕጋዊ ወረቀት ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ገባ።

መድኃኒቱ ያለው በአከፋፈሉ ነው። ውሉ «ገዢው ሩቡን በ90 ቀን፣ ቀሪውን በሦስት ዓመት እኩል ይከፍላል፤ በቀሪው ላይ የባንክ ወለድ ይታሰባል፤ የተሸጠው ድርሻ እስኪከፈል ድረስ በመያዣ ይቆያል» ቢል ኖሮ ባለሙያው በ2 ሚሊዮን ለመግዛት መጀመሪያ የሚያስፈልገው 500,000 ብር ብቻ ነበር። ያለው ላይ 200,000 ከዘመድ ጨምሮ ይገዛና 3 ሚሊዮን የሚያወጣ ድርሻ ይይዛል። ነጋዴው ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ 2 ሚሊዮን ብሎ አይጠራም። ዋጋውን ሐቀኛ የሚያደርገው የመክፈያው ጊዜ ነው። ወለዱ ደግሞ ብር በየዓመቱ ሲረክስ ሻጩ እንዳይከስር ይጠብቀዋል።

«ዋጋውን ገለልተኛ ገማች ይወስነው» የሚሉም አሉ፤ መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋጋ እንዲተምን የተመረጠው ሦስተኛ ሰው እምቢ ካለ ወይም ካልቻለ ሽያጭ የለም። ስለዚህ ተተኪ ገማች አስቀድሞ ይጠቀስ።

የሚረሱት ሦስት ነገሮች

አንደኛ፣ መቆላለፍ ምን እንደሆነ ይቆጠር። በጀት፣ ብድር፣ የንብረት ሽያጭ፣ የሥራ አስኪያጅ ሹመትና የካፒታል ጭማሪ ብቻ ይዘርዘሩ። በአንዱ ጉዳይ ላይ ሁለት ስብሰባ ተጠርቶ ካልተወሰነ፣ ሽማግሌም በ20 ቀን ካላስታረቀ፣ ዋጋ የመጥራት መብት ይከፈታል። ከስብሰባ ሆን ብሎ የቀረ ሰው መጀመሪያ ጠሪ መሆን አይችልም። እስከዚያው ያለፈው ዓመት በጀት ይቀጥላል፤ አዲስ ብድር አይወሰድም። በአማራ ክልል መንገድ የሚዘጋበትና ባንክ የማይሠራበት ቀን እንዳለ ነጋዴው ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለው ቀን ከ90 ቀኑ ውስጥ እንዳይቆጠር መጻፍ አለበት።

ሁለተኛ፣ የሚወጣው ሰው ቤት ባንክ ውስጥ እንዳይቀር። በአባላት መካከል የተፈረመ ውል ባንኩን አያስገድድም። ድርሻውን ሸጦ የወጣ ሰው የቀድሞ ባልደረባው ብድር ሳይከፍል ሲቀር ቤቱ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ባንኩ መያዣውን ካልለቀቀ ወይም ገዢው ሌላ መያዣ ካልተካ ዝውውሩ አይጠናቀቅ።

ሦስተኛ፣ በጓዳ የተፈረመ ስምምነት ብቻውን አይበቃም። የሚያስረው ፈራሚዎቹን ነው። ዋናው ፍሬ ነገር በንግድ መዝገብ በሚገባው መመሥረቻ ጽሑፍም ይስፈር። ቀድሞ ማኅበሩ ቢያንስ ሁለት አባላት ይሻ ስለነበር የባልደረባውን ድርሻ የገዛ ሰው ሌላ አባል ይፈልግ ነበር። የ2013ቱ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበርን ስለፈቀደ ያ እንቅፋት ተነሥቷል፤ ለውጡን ማስመዝገብና ከሽያጩ የሚመጣውን ግብር ማን እንደሚከፍል መጻፍ ግን ይቀራል።

እንዲህ ያለ ውል ለመጻፍ የሚመቸው ጊዜ ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት ነው። ያን ጊዜ ነጋዴውም ባለሙያውም ነገ ማን ሻጭ፣ ማን ገዢ እንደሚሆን አያውቁም፤ ስለዚህ ሁለቱም ሚዛኑን ይጠብቃሉ። ጠቡ ከገባ በኋላ ግን እያንዳንዱ መስመር ለአንዱ እንደ ወጥመድ ሆኖ ይታየዋል።