የማያውቁትን ዕዳ ከመክፈል በፊት

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በየፋብሪካው ፈረቃ የሚሠራውና በቱሉ ዲምቱ ወይም በቂሊንጦ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖረው ነዋሪ ብድርን ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው ከጎረቤት፣ ከዕቁብ ወይም ዋስ ጠርቶ ከሚፈርምበት ተቋም ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2014 ዓ.ም. በቴሌብር «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድርና «እንደኪሴ» የተባለውን አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ግን ብድር ያለ ፊርማና ያለ ዋስ በስልክ የሚገኝ ሆኗል። በዚሁ ልክ «ዕዳ አለብዎ፣ ዛሬውኑ ይክፈሉ» የሚል የስልክ ጥሪ የደረሰው ሰው የተጠየቀው ዕዳ የእርሱ መሆን አለመሆኑን ለመለየት መቸገሩ አያስገርምም።

እንዲህ ያለው ጥሪ ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። ለምሳሌ እንደኪሴ ከሒሳብ በላይ የማውጣት አገልግሎት ስለሆነ፣ ማለትም ደንበኛው ክፍያ ሲፈጽም የጎደለውን ገንዘብ ስለሚሞላ፣ ተጠቃሚው ዕቃ መግዛቱን እንጂ መበደሩን ላያስታውስ ይችላል። በአንድ ሰው ስም የተመዘገበን ሲም ካርድ ዘመድ ሲጠቀምበት ከቆየም ብድሩ በባለ ስሙ ላይ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ተጠሪው ስልክ ቁጥሩን በቅርቡ ያወጣ ከሆነ፣ ጠያቂው የሚፈልገው የቁጥሩን የቀድሞ ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ዕዳ ደግሞ ከአዲሱ ባለ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

አንዲት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ 4,200 ብር ዕዳ እንዳለባት ተነግሯት፣ «ለጊዜው 1,000 ብር በዚህ ቁጥር ላኪ፣ ቀሪው ቀስ ይላል» ተብላለች እንበል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ከጭቅጭቅ ለመገላገል ጥቂት መክፈልን ይመርጣል፤ ከሁሉም የከፋው ስሕተትም ይኸው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2001 ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ወገን የግዴታውን መኖር ማስረዳት እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ ሠራተኛዋ ዕዳ እንደሌለባት የማስረዳት ሸክም የለባትም። 1,000 ብሩን ከላከች ግን ክፍያው ዕዳውን ለማመኗ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብባት ይችላል። ዕዳው የቆየ ከሆነ ጉዳቱ ይበልጣል፤ በቁጥር 1851 መሠረት ባለ ዕዳው ከፊሉን በመክፈል ዕዳውን ካመነ ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ፣ ይቋረጥና እንደገና መቁጠር ይጀምራል።

ስለዚህ ሠራተኛዋ አላምንም ወይም አምናለሁ ሳትል መጠየቅ ያለባት አበዳሪው ማን እንደሆነ፣ ብድሩ በየትኛው ቀን እንደተሰጠና ዋናው ገንዘብ በየትኛው ሒሳብ እንደገባ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ወሳኙ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የተበደሩት ገንዘብ የሆነ ቦታ መግባቱ ስለማይቀር፣ የዚያን ቀን የሒሳብ መግለጫ ማየት ብቻ ክርክሩን ሊፈታው ይችላል። ከዚያም ስልኩን ዘግታ፣ ደዋዩ በሰጣት ቁጥር ሳይሆን ራሷ በምታውቀው መንገድ ታጣራለች፤ በቴሌብር መተግበሪያ ወይም በ*127# ገብታ በብድር ክፍሉ ቀሪ ዕዳ መኖሩን ታያለች፣ በ127 ትደውላለች፣ የባንክ ብድር ነው ከተባለም ቅርንጫፉ ሄዳ የውሉን ቅጂና የሒሳቡን ዝርዝር በጽሑፍ ትጠይቃለች። የሚስጥር ቁጥርን ወይም በመልእክት የገባን የማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቅ ደዋይ ግን ማጣራት አያስፈልገውም፤ እነዚህ ከሒሳብ ገንዘብ ለማውጣት እንጂ ዕዳን ለማረጋገጥ አይጠቅሙም።

ዕዳው እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ለማን እንደሚከፈል መለየት ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1741 መሠረት ክፍያ የሚፈጸመው ለባለ ገንዘቡ ወይም እርሱ፣ ፍርድ ቤት ወይም ሕግ ሥልጣን ለሰጠው ሰው በመሆኑ፣ በግለሰብ ቁጥር የተላከ ገንዘብ ለአበዳሪው ካልደረሰ ዕዳው እንዳለ ይቀራል። ጠያቂው ወኪል ነኝ ካለ ውክልናውን ያሳይ፤ ክፍያውም በአበዳሪው በራሱ ሒሳብ ይግባ፣ ደረሰኙም ይቀመጥ።

ማስረጃ እየጠየቁ ራስን መከላከል ግን ገደብ አለው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕጋዊ ዋጋ ስለሚሰጥ «ወረቀት ላይ አልፈረምሁም» የሚለው መልስ ብቻውን አያዛልቅም። ከሁሉ በላይ ግን የስልክ ጥሪን ቸል ማለትና የፍርድ ቤት መጥሪያን ቸል ማለት አንድ አይደሉም። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 70 መሠረት ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ስለሚችል፣ ያልተበደረው ገንዘብ ሊፈረድበት ይችላል፤ ፍርዱን ለማስነሣትም በቁጥር 78 ያለው ጊዜ ፍርዱን ካወቀ በኋላ አንድ ወር ብቻ ነው።