የማን 3 ሰዓት?

ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡ ደንበኛዬ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ዌብሳይቱ አልከፈት አለ! ለበዓል የሚያዝ ሰው እየደወለ ነው።»

ጉለሌ ተቀምጦ መጀመሪያ መብራትን የማይጠረጥር የለም። መብራቱ ግን አለ፤ በስልኬ ዳታም ስሞክር ገጹ ያው ስህተት ነው። ሰርቨሩ ያለው ደግሞ አውሮፓ ነው። ሎጉን ሳልከፍት፣ ደንበኛዬ የነገሩኝን ሰዓት ብቻ ይዤ፣ በጥድፊያ፣ ለሆስቲንጉ ድርጅት «ከጠዋቱ 3፡12 ጀምሮ አይሠራም» ብዬ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ላክሁ።

መልሱ በሩብ ሰዓት መጣ፦ በ3፡12 ምንም ችግር አልነበረም። ተናደድኩ። ቆይቶ ሲገባኝ ግን ልክ ነበሩ። የእኛ 3፡12 በፈረንጅ ሰዓት 9፡12 ነው፤ ሰርቨሮች በሚቆጥሩበት በዩቲሲ ደግሞ 6፡12። ሰዎቹ ያዩት እኛ ተኝተን የነበረበትን ሰዓት ነው። (ጳጉሜን ብዬ አለመጻፌም ተመስገን!)

ሁለተኛውን ኢሜይል በዩቲሲ ብቻ ጻፍኩ። የደንበኞችን አይፒ አድራሻ ሰርዤ፣ ከሎጉ አራት መስመር አሳጥሬ ለጠፍኩበት፦

```
06:12:05 +0000 "GET /" 200
06:12:41 +0000 "GET /" 500
06:12:43 +0000 "GET /kemis.jpg" 200
SQLSTATE[HY000] [2002] Connection timed out
```

የመጀመሪያው መስመር ገጹ ደህና የነበረበትን የመጨረሻ ቅጽበት፣ ሁለተኛው የወደቀበትን ይዟል። እኔ በጣም የምወደው ሦስተኛውን ነው። ገጹ ከወደቀ ከሁለት ሰከንድ በኋላ የቀሚሱ ፎቶ በሰላም ወጥቷል። ፎቶ ከዲስክ ይነሳል፤ ገጹ ግን ዋጋና ብዛት ለመጠየቅ ዳታቤዝ ዘንድ መሄድ አለበት። ስለዚህ የድር ሰርቨሩም፣ ወደ እሱ የሚያደርሰው መስመርም ደህና ናቸው።

ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን የሚናገረው የአራተኛው መስመር ቁጥር ነው። የይለፍ ቃል አበላሽቼ ቢሆን 1045 ይመጣ ነበር። ግንኙነት በዝቶ ቢሆን 1040። በ2002 ላይ «timed out» ሲጨመር ግን የተንኳኳው በር ጭራሽ መልስ አልሰጠም ማለት ነው፤ የዳታቤዙን ማሽን የሚያስተዳድሩት ደግሞ እነሱ ናቸው። በዚያ ሰሞን ኮድም ሆነ ቅንብር አለመንካቴን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ያለበለዚያ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ይህን ከላክሁ በኋላ «ችግር አልነበረም» ያለኝ የለም። 7፡31 ላይ፣ በእኛ 4፡31፣ ሎጉ እንደገና 200 መጻፍ ጀመረ። ያችን መስመርም አስቀመጥኳት። በውላቸው የገቡት ቃል 99.9 በመቶ ነው፤ ይህ በ30 ቀን ወር ውስጥ 43 ደቂቃ ያህል መቋረጥን ብቻ ይፈቅዳል። የእኛ 79 ደቂቃ ሆነ። እነሱ መቁጠር የጀመሩት ኢሜይሌ ከደረሳቸው ሰዓት ነበር፤ እኔ ደግሞ 06:12:41ን መልሼ ላክሁላቸው።