የውጭ አገር ኢንቮይስ ሸኚ መልእክት፦ በየትኛው ተመን፣ በማን ወጪ?

ለውጭ አገር ደንበኛ ከሚላክ ኢንቮይስ ጋር የሚሄደው ሸኚ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ «ተያይዞ ቀርቧል» ከማለት አያልፍም። በዚህ ጸሐፊ እምነት መልእክቱ ሦስት ነገሮችን በግልጽ ማስፈር አለበት፤ እነርሱም የመክፈያው ገንዘብ፣ የምንዛሪ ተመኑ መሠረት እና የባንክ ወጪው ተሸካሚ ናቸው።

ከሦስቱ ይበልጥ ችላ የሚባለው ሁለተኛው ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ባንኮች የየራሳቸውን የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ያወጣሉ። ስለዚህ «በዕለቱ ተመን» የሚለው ሐረግ የየትኛው ባንክ፣ የትኛው ዋጋ እና የየትኛው ዕለት እንደሆነ አይናገርም።

አንድ የአዲስ አበባ አማካሪ ድርጅት ለመስክ ሥራ ያወጣውን 300,000 ብር ከናይሮቢ ደንበኛው በዶላር ያስመልሳል እንበል። ለስሌት ያህል የባንኩ የመግዣ ዋጋ 120፣ የመሸጫ ዋጋው 125 ብር ይሁን። ኢንቮይሱ በመሸጫ ዋጋ ከተሰላ 2,400 ዶላር ይሆናል። ዶላሩ ሲደርስ ግን ባንኩ የሚገዛው በ120 ስለሆነ ድርጅቱ የሚያገኘው 288,000 ብር ብቻ ነው፤ 12,000 ብር ጎደለ ማለት ነው። ወጪውን በትክክል የሚመልሰው በመግዣ ዋጋ የሚገኘው 2,500 ዶላር ነው።

ይህም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ላይደርስ ይችላል። ከፋዩ በባንኩ ቅጽ ላይ `SHA` የሚለውን ከመረጠ ወጪው በሁለቱ ወገኖች መካከል ይከፈላል፤ አገናኙ ባንክም ድርሻውን ከሚተላለፈው ገንዘብ ላይ ሊቀንስ ይችላል። 25 ዶላር ቢቀነስ 2,475 ይገባል። ከፋዩ «ሙሉውን ልኬአለሁ» ይላል፤ በተቀባዩ መዝገብ ግን ዕዳው ሳይዘጋ ይቀራል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው የማስተላለፊያውን ሰነድ ቅጂ ጠይቆ የታዘዘውን፣ የተቀነሰውንና የገባውን መጠን በማነጻጸር ነው። `OUR` ሲመረጥ ወጪውን የሚሸፍነው ከፋዩ ነው።

እንግዲህ መልእክቱ እንዲህ ቢል ይበቃል፦

«ክፍያው በአሜሪካ ዶላር ይፈጸማል። በብር የወጣው ወጪ የተሰላው ባንካችን ኢንቮይሱ በተጻፈበት ዕለት ባወጣው የዶላር መግዣ ዋጋ፣ በ120 ብር ነው። የማስተላለፊያ ወጪውን ከፋዩ ሸፍኖ (`OUR`) 2,500 ዶላር ሳይቀነስ ወደ ሂሳባችን እንዲገባ እንጠይቃለን።»

ይህ አጻጻፍ ወሰን አለው። ተመኑ በኢንቮይሱ ዕለት ስለሚቆረጥ፣ ክፍያው እስኪደርስ ያለውን የዋጋ ለውጥ የሚሸከመው ተቀባዩ ነው። ደግሞም መልእክቱ በውሉ ያልተስማሙበትን ግዴታ በከፋዩ ላይ በራሱ አይጥልም። ስለሆነም ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች በውሉ ሊሰፍሩ፣ በሸኚው መልእክት ደግሞ ሊደገሙ ይገባል። ውሉን የተዋዋሉትና ገንዘቡን የሚልከው የሂሳብ ሠራተኛ የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ፣ ሠራተኛው የባንኩን ቅጽ ሲሞላ በእጁ የሚኖረው መልእክቱ ነውና።