ኢንሱሊንና የሸክላ ማሰሮ

በመተማና በሑመራ ቆላ የመጋቢትና የሚያዝያ ፀሐይ በበረታ ጊዜ፣ ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለው ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስና ሲያልፍ፣ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ የሚጨነቀው ስለ ሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን እርሱን በሕይወት ስለሚያቆየው ስለዚያ ትንሽ የኢንሱሊን ብልቃጥም ጭምር ነው። መድኃኒቱን ያደለው ባለሙያ «በማቀዝቀዣ አስቀምጡት» ብሎ በቅን ልቡና አዝዟል፤ ነገር ግን ትእዛዙን የተቀበለው ቤት ወይ መብራት አልገባለትም፣ ወይም መብራት ቢገባለትም ማቀዝቀዣ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ሊፈጸም የማይቻል ትእዛዝ ደግሞ ሰውን ወደ ሌላ ጥፋት ይመራል፤ አንዱ ብልቃጡን ከተማ ካለ ዘመድ ቤት አኑሮ የማታውን መርፌ ሳይወጋ ያድራል፣ ሌላው ለባለ ሱቅ ለምኖ ከበረዶ ማስቀመጫው ውስጥ ያስገባዋል፣ ሦስተኛውም «መድኃኒቱ በሙቀት ተበላሽቷል» ብሎ ተስፋ በመቁረጥ ጨርሶ ይተወዋል። ኢንሱሊን መወጋት ያቆመ ወይም በበረዶ የተበላሸውን የሚወጋ ልጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ በአሲድ ተመርዞ ለሞት ሊደርስ ስለሚችል፣ እነዚህ ሦስቱ በጥላ ሥር ከዋለ ሞቅ ያለ ብልቃጥ ይልቅ እጅግ የከፉ ናቸው።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ኢንሱሊን የሚሰጥ ጤና ጣቢያ ሁሉ፣ ከመድኃኒቱ ጋር የሸክላ ማሰሮውን ሥርዓት አብሮ ማስተማር አለበት፤ ይህንንም እንደ ድኃ መጽናኛ ሳይሆን እንደ እውነተኛ የሕክምና ትእዛዝ አድርጎ ሊሰጠው ይገባል።

ኢንሱሊን ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ጠባዩን ይለውጠዋል፤ ለውጡ ግን ብዙዎች እንደሚፈሩት በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም። ገና ያልተከፈተው ክምችት ለረጅም ጊዜ እንዲጠበቅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በሥራ ላይ ያለውን ብልቃጥ ግን አምራቾቹ ራሳቸው ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ለ4 ሳምንት ያህል፣ አንዳንዱንም ዓይነት እስከ 6 ሳምንት ድረስ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማቆየት እንደሚቻል ከመድኃኒቱ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በዳጋሃሌይ የስደተኞች ሰፈር ቤቶች ውስጥ የተለካውን፣ በቀን ወደ 37 ወጥቶ በሌሊት ወደ 25 ዲግሪ የሚወርድ ሙቀት በላቦራቶሪ አስመስለው ኢንሱሊኑን ለ4 ሳምንት ቢያቆዩት፣ ኀይሉ በማቀዝቀዣ ከተቀመጠው የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ነገር ግን ወሰን አለው። ሙከራው 37 ዲግሪ ላይ ቆሟል፤ የመተማ ቤት ደግሞ ያንን ያልፋል። እንግዲህ የማሰሮው ሥራ ማቀዝቀዣን መተካት ሳይሆን፣ የቀኑን ከፍተኛ ሙቀት ቆርጦ ብልቃጡን በዚህ ወሰን ውስጥ፣ ቢቻልም ከ30 ዲግሪ በታች ማዋል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፉ የሰፋ ትልቅ ማሰሮና በውስጡ ገብቶ በዙሪያው ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት የሚተው ትንሽ ማሰሮ ይመረጣል። ሁለቱም በዘይት ወይም በጎመን ያልተሟሹ፣ ቀለምም ያልተቀቡ መሆን አለባቸው፤ ማሟሸት ለወጥና ለምጣድ የሚጠቅመውን ያህል እዚህ ይጎዳል፣ ውኃው የሚወጣበትን ረቂቅ ቀዳዳ ይደፍነዋልና። ማሰሮው ደኅና መሆኑን ለማወቅ ውኃ ሞልቶ ማሳደር ይበቃል፤ ጧት ውጭው ርሶ ከተገኘ ይሆናል፣ ደረቅ ሆኖ ካደረ ግን ሌላ ይፈለግ። ከትልቁ ማሰሮ ሥር ንጹሕ የወንዝ አሸዋ ይነጠፍበታል፣ ትንሹ በላዩ ይቀመጣል፣ ክፍተቱም በአሸዋ ይሞላና አሸዋው እስኪርስ ድረስ ውኃ ይፈስበታል። ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካውና የተጻፈበት ወረቀት እንዳይለቅ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ሆኖ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፤ በላዩም የራሰ ጆንያ ይደረባል። ከዚያ በኋላ ጧትና ቀትር ውኃ መጨመር ነው፤ ለመጠጥ የማይሆን ውኃም ይበቃል፣ ጨዋማ ከሆነ ግን በውጭው ገጽ ላይ ነጭ ቅርፊት ስለሚያበቅል በየጊዜው በብሩሽ መፋቅ ያስፈልጋል።

ሰዎች አብዝተው የሚስቱት በቦታው ላይ ነው። ውድ ነገር በስውር ይቀመጣል በሚል ልማድ ማሰሮውን ከጓዳ ጥግ ወይም ከአልጋ ሥር ያስገቡታል፤ የሚያቀዘቅዘው ግን ሸክላው ሳይሆን ከሸክላው ገጽ ላይ የሚተነው ውኃ ስለሆነ፣ ነፋስ ካላገኘ በዙሪያው ያለው አየር በርጥበት ይሞላና ትነቱ ይቆማል። ስለዚህ በጥላ፣ ነፋስ በሚመላለስበት በበር አጠገብ፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ወይም ከሥሩ አየር በሚያሳልፍ ባለ እግር ማስቀመጫ ላይ መሆን አለበት። ብልቃጡን በጓዳ መሬት ውስጥ መቅበር የለመዱም አሉ፤ መሬት የቀንና የሌሊቱን ሙቀት ያማክላል እንጂ ከዚያ በታች ስለማያወርድ፣ ከቆርቆሮው ሥር ካለ መደርደሪያ ቢሻልም ከማሰሮው ያንሳል።

ማሰሮው በየትኛው አገርና በየትኛው ወር እንደሚሠራ ሳይሞከር የሚታወቅበት ዘዴ አለ፤ ይህንን እያንዳንዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብታውቀው እወዳለሁ። የአንድ ተራ የክፍል ቴርሞሜትር ጫፍ በራሰ ቀጭን ጨርቅ ይጠቀለልና ቁጥሩ መውረዱን እስኪያቆም በማራገቢያ ይራገብበታል፤ በመጨረሻ የሚታየው ቁጥር በዚያ አየር ውስጥ ማናቸውም የሸክላ ማሰሮ ሊወርድበት የሚችለው የመጨረሻ ወሰን ነው። የክፍሉ ሙቀት 38 ዲግሪ ሆኖ አየሩ እንደ በጋው መተማ ደረቅ ቢሆን፣ ርጥበቱም 20 በመቶ ያህል ቢሆን፣ የራሰው ቴርሞሜትር ወደ 21 ይወርዳል፤ ማሰሮው እስከዚያ ባይደርስም ጥቂት ዲግሪ ከዚያ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ለኢንሱሊንም የተመቸ ነው። ነገር ግን በዚያው በ38 ዲግሪ ርጥበቱ 70 በመቶ ቢሆን ቁጥሩ ከ33 በታች አይወርድም፤ በባሕር ጠረፍ በምጽዋና በጅቡቲ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ማሰሮ ብቻ እንዳይታመኑ ምክንያቱ ይህ ነው። በመተማ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ማሰሮው ይሰንፋል፤ ደግነቱ ዝናቡ ራሱ የአየሩን ሙቀት ያበርደዋል።

አሁን አንድ ቤት እንውሰድ። የ14 ዓመት ልጅ ያለቻት እናት፣ ልጅቱ ደመና መሳዩን ኢንሱሊን ጧት 16፣ ማታ 8 ዩኒት የምትወጋ ብትሆን፣ በቀን 24 ዩኒት ማለት ነው። ብልቃጡ 10 ሚሊ ሊትር ሆኖ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስላለበት በጠቅላላው 1,000 ዩኒት ይይዛል፤ በ28 ቀን ከእርሱ 672 ዩኒት ይወጣና 328 ይቀራል። ይህንን ቀሪ መድፋት ለድኃ እናት ልብ የሚሰብር ነገር ነው፤ ባትደፋው ደግሞ እስከ 41ኛው ቀን ድረስ ይዘልቃል። አዲሱ ብልቃጥ በእጇ ካለ፣ ኀይሉ እየደከመና በመርፌው ተደጋጋሚ መግባት ጀርም ሊገባበት ስለሚችል፣ አሮጌውን ትተው ዘንድ እመክራታለሁ። አዲሱ ካልደረሰላት ግን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ፣ በአሮጌው እየቀጠለች የልጅቱን ስኳር አዘውትራ እንድታስለካና ለጤና ጣቢያው በቶሎ እንድታስታውቅ እነግራታለሁ። ቀኑ የሚቆጠረው ብልቃጡ ከጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ይህንን ቀን መድኃኒት አዳዩ በብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ ሊጽፍላት ይገባል። ተጨማሪውን ብልቃጥም ጤና ጣቢያው በራሱ ማቀዝቀዣ አቆይቶ አንድ በአንድ ቢሰጣት የተሻለ ነው።

ብልቃጡ መበላሸቱ አንዳንድ ጊዜ በዓይን ይታያል። እንደ ውኃ የጠራው ኢንሱሊን ሲበላሽ ደፍርሶ፣ ቢጫ ሆኖ ወይም ክር መሳይ ነገር ታይቶበት ይገኛል፤ ደመና መሳዩ ደግሞ በመዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ ሲንከባለል አንድ ወጥ መሆን ሲገባው ጓል ይሠራል፣ ወይም ከመስተዋቱ ግድግዳ ላይ እንደ ውርጭ ይጣበቃል። እነዚህ ከታዩ ብልቃጡ ይለወጥ። ነገር ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ የደከመ ኢንሱሊን ስላለ ዓይንን ብቻ ማመን አይገባም፤ ልጅቱ አመጋገቧም መጠኗም ሳይለወጥ ስኳሯ በየቀኑ እየወጣ ቢሄድ፣ ውኃ ጥሙና የሌሊት ሽንቱ ቢመለስ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብልቃጡ ነው። በዚያ ጊዜ እናቲቱ በራሷ ሥልጣን መጠኑን ብትጨምር፣ ነገ አዲስና ኀይለኛ ብልቃጥ ሲመጣ ያው የተጨመረው መጠን ልጅቱን በስኳር ማነስ ሊጥላት ይችላልና፣ መለወጥ ያለበት ብልቃጡ ነው፤ መጠኑን የሚለውጠው ሐኪሙ ብቻ ነው። ልጅቱ ካስታወከች፣ ሆዷን ካመማት ወይም አተነፋፈሷ ከፈጠነና ከጠለቀ ግን ብልቃጥ መመርመሩን ትታ በዚያች ሰዓት ወደ ሕክምና ታድርሳት።

ሙቀትን ፈርተው ወደ በረዶ የሚሮጡትን በተለይ እለምናቸዋለሁ። የሞቀ ኢንሱሊን ቀስ በቀስ ይደክማል፤ በረዶ የሠራ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ ቀልጦ ደኅና ቢመስልም እንኳ፣ ሊወጋ አይገባውም። ከሱቅ የተገዛ በረዶ በላስቲክ ተደርጎ ከብልቃጡ ጋር በአንድ ከረጢት ሲጓዝ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ይኸው ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ሩቅ ከሆነ፣ ጧት በማለዳ ወጥቶ ፀሐይ ሳይበረታ መመለስ፣ ብልቃጡን በደረቅ ዕቃ ከትቶ ዕቃውን በራሰ ጨርቅ መጠቅለል፣ ጨርቁንም ነፋስ እንዲያገኘው በእጅ መያዝ፣ ሲደርቅም ደግሞ ማራስ ይበቃል፤ በመኪና የሚሄድ ደግሞ ከፊት መስተዋቱ ሥር ወይም ከጣሪያው ጭነት ጋር እንዳያኖረው፣ ለሻይ ሲወርድም በቆመው መኪና ውስጥ ትቶት እንዳይወርድ።