የአንድ ሰዓት ተጫዋችና የተሳሳተው መስፈሪያ

ቀኑን በሥራ ውሎ ማታ ከእራትና ከቤት ጉዳይ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ለሚተርፈው ጎልማሳ፣ ታሪክ መር የብቻ ጨዋታ ሲመርጥ የሚሰጠው ምክር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ አጭሩን ምረጥ ይባላል። ታሪክ መር የብቻ ጨዋታ ማለት ከሌላ ሰው ጋር በኢንተርኔት የማይወዳደሩበት፣ እንደ ልብ ወለድ መነሻ፣ ሴራና ፍጻሜ ያለው፣ ተጫዋቹም አንድን ገጸ ባሕርይ እየመራ ታሪኩን የሚያራምድበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ምክሩ የሚደገፍበት ቁጥር የሚገኘው ደግሞ ሃው ሎንግ ቱ ቢትን ከመሳሰሉ፣ ተጫዋቾች አንድን ጨዋታ ለመጨረስ የፈጀባቸውን ጊዜ እየመዘገቡ አማካዩን ከሚያሳዩ ድረ ገጾች ነው። 50 ሰዓት የሚል ያየ ሠራተኛ ጨዋታውን ይተወዋል፣ 9 ሰዓት የሚል ያየ ይገዛዋል። ይህ አመራረጥ እህልን በክንድ እንደ መለካት ነው፤ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም መለኪያው የዚያ ነገር መለኪያ አይደለም።

ጠቅላላ ርዝመት የሚናገረው ጨዋታው መቼ እንደሚያልቅ ብቻ ነው። በሳምንት አምስት ምሽት፣ በየምሽቱ አንድ ሰዓት የሚጫወት ሰው የ50 ሰዓቱን ታሪክ በ10 ሳምንት ይጨርሳል፤ በ10 ሳምንት የሚያልቅ ታሪክ ደግሞ ማንንም አስጨንቆ አያውቅም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወፍራም መጽሐፍ መሆኑ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው በጉጉት ከመጠበቅ አድማጭን አላገደም። አድማጩ የተሸከመው የመጽሐፉን ክብደት ሳይሆን የዕለቱን ክፍል ብቻ ነበርና ነው። እንግዲህ የአንድ ሰዓት ተጫዋች ሊጠይቅ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ጨዋታው የት የት ላይ በሰላም ያስቆማል የሚል፣ ሁለተኛው ከቀናት በኋላ ሲመለሱበት ምን ያስከፍላል የሚል ነው። የሁለቱም መልስ በሰዓት ብዛት ውስጥ የለም።

አጭር ጨዋታ ለአጭር ምሽት ይስማማል የሚለውን እምነት ለመፈተን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ የሉካስ ፖፕ ሥራ የሆነው ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን ይበቃል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1807 ሠራተኞቿን ሁሉ አጥታ ብቻዋን ወደ ወደብ ስለተመለሰች መርከብ ነው። ተጫዋቹ የመድን መርማሪ ሆኖ በመርከቧ ላይ የነበሩት 60 ሰዎች እያንዳንዳቸው ማን እንደነበሩና ምን እንደደረሰባቸው ማወቅ አለበት። ብዙ ሰው ከዘጠኝና ዐሥር ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ስለሚጨርሰው «ሥራ ለበዛበት ሰው» በሚል በሚወጡ ዝርዝሮች ውስጥ ለመግባት ሁሉ ነገር አለው። ነገር ግን ጨዋታው ትክክለኛ መልስን የሚያጸድቀው ሦስት ሰዎች አንድ ላይ በትክክል ሲለዩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ገና ያልጸደቁ ግምቶቹ የቆሙባቸውን ምክንያቶች፣ ያኛው ጢማም መርከበኛ ከማን አጠገብ ቆሞ እንደነበር፣ የዚህኛው አነጋገር የየት አገር ሰው እንደሚያስመስለው፣ በራሱ አእምሮ ይዞ መቆየት ይኖርበታል። መዝገብ የሚሆን መጽሐፍ በጨዋታው ውስጥ አለ፤ መጽሐፉ ግን የታየውንና የተገመተውን ይይዛል እንጂ ለምን እንደተገመተ አይይዝም። ማክሰኞ ምሽት የተተወ ጥርጣሬ እስከ ሰኞ ይተናል፣ የሰኞዋም አንድ ሰዓት ያንኑ ፊት እንደገና በማየት ታልቃለች። ጨዋታው ከድንቅ ሥራዎች አንዱ መሆኑ አያከራክርም፤ ቦታው ግን ምሽት በምሽት በተከታታይ መቀመጥ የሚቻልበት የዓመት ፈቃድ ሳምንት ነው።

ርዝመት ምንም እንደማይናገር የበለጠ የሚታየው ሁለት ረጃጅም ጨዋታዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ የተባለው የፖላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ዘ ዊቸር 3 እና ሮክስታር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ዋና ታሪካቸው እያንዳንዱ 50 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በድረ ገጹ ሰንጠረዥ ላይ መንትዮች ናቸው፤ በአንድ ሰዓት ምሽት ውስጥ ግን ፍጹም አይገናኙም።

በመጀመሪያው ጨዋታ ጌራልት የተባለው ገጸ ባሕርይ ጭራቅ እያደነ ክፍያ የሚቀበል ሰው ነው። የሥራው ዓይነት ራሱ ታሪኩን በልክ በልክ ይቆርጠዋል። ዋይት ኦርቻርድ በምትባለው የመጀመሪያዋ መንደር የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከሚገኙት ውሎች አንዱን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። ኦዶላን የተባለ ሰው ልጁ ታማበት ንጹህ ውሃ ይፈልጋል፣ የውሃ ጉድጓዱን ግን በቀትር የምትገለጥ መንፈስ ይዛዋለች፤ የቀትር ጋኔን ሲባል እየሰማ ላደገ አንባቢ ነገሩ ብዙም እንግዳ አይሆንበትም። ተጫዋቹ በዋጋ ይደራደራል፣ ወና የቀረውን ሰፈር ይመረምራል፣ መንፈሷ በሕይወት ሳለች ማን እንደነበረች ከተገኘ የዕለት ማስታወሻ ያነባል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ አምባሯን ያወጣል፣ ከአስከሬኗ ጋር ሲያቃጥለው መንፈሷ ትመጣለች፣ ተዋግቶ ያሸንፋትና ክፍያውን ሊቀበል ይመለሳል። ይህ ሁሉ ሳይቻኮሉ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፤ መነሻ፣ ምስጢርና ፍጻሜ ያለው ሙሉ አጭር ልብ ወለድ ነው። ስልክ ቢጠራ ወይም ሕፃን ቢያለቅስ ደግሞ ውጊያና ንግግር ላይ እስካልሆኑ ድረስ የደረሱበትን መዝግቦ ማስቀመጥ፣ ተጫዋቾች ሴቭ ማድረግ የሚሉት ነገር፣ በማንኛውም ቦታ ይፈቀዳል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተቀመጠው ጨዋታ እንደገና ሲጫን የሚሰማው ትረካ ነው፤ የጌራልት ወዳጅ የሆነው ባለቅኔ ዳንደላየን ታሪኩ የት እንደደረሰ በሥዕል እያስደገፈ ባጭሩ ያስታውሳል። ይህን ያሰበ ሰው ተጫዋቹ ነገ ሥራ እንዳለው ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ዘ ዊቸር 3 እንከን የለውም ማለት አይደለም። ካርታው በጥያቄ ምልክት የተሞላ ነው፣ በተለይ በስኬሊገ ደሴቶች ዙሪያ ባሕሩ ላይ የተበተኑት ምልክቶች በአብዛኛው ከተደበቀ ዕቃ በቀር ታሪክ የላቸውም፤ እነሱን ሲያሳድድ የሚያመሽ ሰው ሳምንቱን በጀልባ ጉዞ ይጨርሰዋል። ያ ግን ተጫዋቹ ሊተወው የሚችለው ወጪ ነው።

በሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ወጪውን መተው አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1899 አሜሪካ ውስጥ እየጠፋ ስላለ የሽፍቶች ቡድን የሚተርከው ይህ ጨዋታ ሆን ብሎ ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ተልእኮ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በረጅም የፈረስ ጉዞ ነው፣ ገጸ ባሕርያቱም የሚታወቁት በዚያ ጉዞ ላይ በሚያወሩት ነው። ውበቱ እዚያ ላይ ስለሆነ ሊዘለል አይገባውም። ችግሩ ተልእኮ ተጀምሮ ሳያልቅ ሴቭ ማድረግ አለመፈቀዱ ነው፤ አርባኛው ደቂቃ ላይ አዲስ ተልእኮ የጀመረ ሰው ወይ ከእንቅልፉ ይሰርቃል፣ ወይ የሠራውን ጥሎ ይወጣል። ለተመላሽ የሚተርክ ዳንደላየንም የለም። ከሳምንት በኋላ የሚመለስ እጅ ደግሞ የቁልፎቹን ነገር ይረሳል፤ መንገደኛ ላይ ለማተኮርና ሰላም ለማለት የሚጫነው ቁልፍ መሣሪያ በእጅ ሲሆን ማነጣጠሪያ ይሆናልና፣ ሰላምታ ሊሰጥ የፈለገ ሰው በሸሪፍ ሲታደን ሊያመሽ ይችላል። ይህ ጨዋታ የሚወደደው ሦስት አራት ሰዓት በተገኘበት ቅዳሜ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳው መከራከሪያ የታወቀ ነው፤ የዛሬ መሣሪያዎች ጨዋታውን ባለበት አደንዝዘው ማሳደርና ነገ ከዚያው ማስቀጠል ስለሚችሉ የማቆሚያ ጉዳይ አብቅቶለታል ይባላል። መከራከሪያው ግማሽ እውነት አለው። የሚያደነዝዘው መሣሪያ የሚጠብቀው ግን የራሱን ማስታወሻ እንጂ የተጫዋቹን አይደለም፤ ከሦስት ቀን በኋላ በተኩስ መሃል የነቃ ሰው ማን ላይ ለምን እንደሚተኩስ ሳያውቅ ይሞታል። ይባስ ብሎ በዘ ዊቸር 3 ያ የማስታወሻ ትረካ የሚመጣው ጨዋታው ከሴቭ ሲጫን ስለሆነ፣ በማደንዘዝ ብቻ የሚጫወት ሰው በጣም የሚያስፈልገውን ነገር ራሱ ዘሎታል ማለት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ በፕሌይስቴሽን 5 የደነዘዘ ጨዋታ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል፣ የራሳቸው ባትሪ ያላቸው በእጅ የሚያዙት ኒንቴንዶ ስዊችና ስቲም ዴክ ግን ይተርፋሉ።

የሰዓት ሰንጠረዡ አማርኛ ተናጋሪውን የሚያሳስትበት ተጨማሪ ምክንያትም አለ። እነዚህ ጨዋታዎች በአማርኛ አልተተረጎሙም። በሁለተኛ ቋንቋው የሚያነብ ሰው፣ ንግግርና ጽሑፍ የበዛበትን እንደ ዲስኮ ኢሊዝየም ያለ ጨዋታ ሲጫወት፣ አማካዩን ካስመዘገቡት ሰዎች ፍጥነት ጋር እኩል እንዲሄድ አይጠበቅም። 25 ሰዓት የተባለለት 40 ቢሆንበት ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ንግግሩ ተጫዋቹ ቁልፍ እስኪጫን የሚጠብቅ ከሆነ ዝግታው ጉዳት የለውም፤ ጽሑፉ ከድምፁ ጋር የሚያልፍ ከሆነ ግን ታሪኩ ያመልጣል፣ ስለዚህ ይህም ከመግዛት በፊት መታየት አለበት።

ማየት የሚቻለው ደግሞ በማስተዋወቂያ ፊልም ሳይሆን ያለ አስተያየት ከዳር እስከ ዳር በተቀረጸ የጨዋታ ቪዲዮ ነው። ተመልካቹ መጀመሪያውን ትቶ ወደ መካከሉ ቢሄድና ሃያ ደቂቃ ቢያይ፣ ተጫዋቹ በየስንት ደቂቃው ሴቭ ሊያደርግ እንደሚችልና የተግባር መዝገቡ «ወዴት ሂድ» ብቻ ይላል ወይስ «ለምን» ጭምር ይናገራል የሚለውን ይለያል። ገዝቶ መመለስ ይቻላል ብሎ መተማመን ግን ያታልላል። ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫ ገንዘብ የሚመልሰው በገዙ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ለተጫወቱት ነው፤ ለዚህ ሰው ሁለት ሰዓት ሁለት ምሽት ነው። በሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ያ ሁለት ሰዓት የሚያልቀው በበረዶ በተሞላው በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ የጨዋታው እውነተኛ አኗኗር ገና ሳይገለጥ ነው።

ጨዋታ የሚገመግሙ ጸሐፊዎች፣ በአማርኛ በዩቲዩብ የሚሠሩትም ጭምር፣ «ስንት ሰዓት ይፈጃል» ከሚለው መስመር ሥር አንድ ሌላ መስመር ቢጨምሩ ብዙ ሠራተኛ ከከንቱ ወጪ ይድናል፤ በስንት ደቂቃ አንዴ ያስቆማል፣ ሲመለሱስ ያስታውሳል ወይ የሚል።