የታሪኩ ተራና የቀረጻው ተራ

ፊልም ከድርሰቱ የመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ በተራ መቀረጽ አለበት የሚሉ አዘጋጆች አሉ። ይህ እምነት በድሬዳዋ የሦስት ቀን ቀረጻን ያከሽፋል።

አምስት ትዕይንቶቹ በከዚራ ባቡር ጣቢያ፣ አራቱ ከደቻቱ ማዶ በመጋላ ቀፊራ ገበያ፣ ሦስቱም በቤት ውስጥ የሚፈጸሙ አጭር ፊልም ይታሰብ። በተራ የሚቀርጽ ቡድን ካሜራውን ጭኖ ደቻቱን ሲመላለስ የጠዋቱ ለስላሳ ብርሃን ያመልጠዋል። ከ5 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋና የተዋናዩን ዓይን በጥላ ትጋርዳለች።

የሚበጀው የማይለወጠውን ማስቀደም ነው። የአባትን ሚና የሚጫወተው ተዋናይ በሁለተኛው ቀን ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ ትዕይንቶቹ ሁሉ በዚያው ቀን ይጠቃለላሉ፤ የጣቢያው ስንብት ጠዋት 1 ሰዓት፣ የቤት ውስጡ ቀትር ላይ ይቀረጻል። የቀሩት የጣቢያ ትዕይንቶች ለመጀመሪያው ቀን ጠዋትና አመሻሽ፣ ገበያው ለሦስተኛው ቀን ይመደባል።

ተዋናይ ስሜቱን የሚገነባው በታሪኩ ሂደት ነው የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። መፍትሔው ግን ከቀረጻ በፊት በታሪኩ ተራ መለማመድ፣ የተዋናዩንም ልብስና ጢም በየትዕይንቱ መዝግቦ መያዝ ነው። ፀሐይ ለድርሰቱ ገጽ አትታዘዝም።